የማቀዝቀዣ ወርኃዊ የኤሌክትሪክ ወጪ፦ ከመረጃ ሰሌዳው እስከ ክፍያ ደረሰኙ

ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የኤሌክትሪክ ታሪፍ ማሻሻያ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ፣ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ እንዲፈጸም ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ቤተሰብ የፍጆታው መጠን ሳይለወጥ የሚከፍለው ብር ሊለወጥ ይችላል። በተቃራኒው ታሪፉ ባልተነካበት ወር ክፍያው ቢጨምር፣ ምክንያቱ በቤቱ ውስጥ ካለ ዕቃ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ እያንዳንዱ ዕቃ በወር ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚወስድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከቤት ዕቃዎች መካከል ይህን ስሌት በማሳሳት ማቀዝቀዣን (ፍሪጅን) የሚያህል የለም። የእንጀራ ምጣድ ሲሠራ ይታያል፤ ሲጠፋም ይታወቃል። ማቀዝቀዣ ግን ሌሊትና ቀን ሶኬት ላይ ተሰክቶ ይውላል፤ ኮምፕረሰሩ የሚነሣውና የሚያርፈው በራሱ ነው። የተሳሳተው ስሌት ዋጋ የሚያስከፍለው ደግሞ በተለይ ብዙ አባወራዎች በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀሙበት ግቢ ነው። በእንዲህ ያለ ግቢ «ፍሪጅ ያለው ተከራይ ምን ያህል ይጨምር?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚፈታው በግምት ነው። ግምቱም አንዱን ወገን ከእውነተኛው ወጪ ሦስት እጥፍ በላይ ሊያስከፍል ይችላል።

ሰሌዳው የሚናገረውና የማይናገረው

በማቀዝቀዣው ጀርባ ወይም በሩ ሲከፈት በውስጠኛው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የመረጃ ሰሌዳ አለ። በሰሌዳው ላይ የቮልቴጅ መጠን (V)፣ የኤሌክትሪክ ፍሰት መጠን በአምፔር (A)፣ የኃይል መጠን በዋት (W)፣ የጋዙ ዓይነት፣ የዕቃው የመያዝ ዐቅም በሊትር እና የአየር ንብረት ምድብ ይጻፋል። በብዙ ማቀዝቀዣዎች ላይ ደግሞ kWh/24h የሚል ምልክት ያለው ቁጥር ይገኛል።

ብዙዎች የሚያነቡት የዋቱን ቁጥር ነው። ዋት ግን ዕቃው በሚሠራበት ቅጽበት የሚስበውን ኃይል እንጂ ለምን ያህል ሰዓት እንደሚሠራ አይናገርም። በመሆኑም 130 ዋት የተጻፈበትን ማቀዝቀዣ በ24 ሰዓትና በ30 ቀን ማባዛት፣ ኮምፕረሰሩ ወሩን ሙሉ አንድም ደቂቃ ሳያርፍ ሠርቷል ብሎ መቍጠር ነው። ከዚህም በላይ የተጻፈው ዋት አምራቹ ያስቀመጠው ከፍተኛ መጠን በመሆኑ፣ ኮምፕረሰሩ በተለመደው ቀን የሚስበው ከዚያ ያነሰ ነው። በሰሌዳው ላይ ዋት ከሌለ አምፔሩን በ220 ቮልት የሚያባዙም አሉ። 0.8 አምፔር በዚህ መንገድ 176 ይሆናል። ይህ ውጤት ኮምፕረሰሩ በእርግጥ ከሚወስደው ኃይል እጅግ የራቀ ስለሆነ ለወጪ ስሌት አይጠቅምም።

ለወጪ ስሌት የሚያገለግለው kWh/24h የሚለው ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ማቀዝቀዣው በመፈተሻ ክፍል ውስጥ በአንድ ቀንና ሌሊት የወሰደውን ኃይል፣ የኮምፕረሰሩን ሥራና ዕረፍት አንድ ላይ አድርጎ ያሳያል። በ30 ሲባዛ የወሩን ፍጆታ ይሰጣል። ከአውሮፓ ገበያ የመጡ ዕቃዎች ላይ የሚለጠፈው ባለ ቀለም መለያ የዓመቱን ፍጆታ ስለሚገልጽ ለ12 ይካፈላል።

ይህም ቢሆን የፈተና ውጤት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በፈተናው ጊዜ የክፍሉ ሙቀት በመመዘኛው የተወሰነ ነው፤ ትኩስ ድስት የሚያስገባ ሰውም፣ የተሰነጠቀ የበር ጎማም የለም። ስለዚህ የሰሌዳው ቁጥር ጥሩ መነሻ ይሆናል፤ የአንድን ቤት እውነተኛ ቁጥር የሚሰጠው ግን ቆጣሪው ነው።

በአንድ ግቢ የተሠራ ስሌት

ለማሳያ የሚከተለውን ሁኔታ መውሰድ ይቻላል። በአዲስ አበባ አንድ አከራይና ሁለት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማሉ። የግቢው የወሩ ፍጆታ 186 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ማቀዝቀዣ ያለው ከተከራዮቹ አንዱ ብቻ ነው። በሰሌዳው ላይ 130 W እና 0.75 kWh/24h ተጽፏል። አከራዩ 130 ዋትን በ24 ሰዓትና በ30 ቀን አባዝተው ለ1,000 በማካፈል 93.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ላይ ደርሰዋል። ተከራዩ በበኩላቸው 0.75ን በ30 አባዝተው 22.5 ይላሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአራት እጥፍ በላይ ነው።

የአከራዩ ቁጥር ልክ አለመሆኑ ያለ መለኪያም ይታያል። ማቀዝቀዣው 93.6 ወስዶ ቢሆን ኖሮ፣ የሦስት አባወራ ምጣድ፣ ምድጃ፣ መብራትና ቴሌቪዥን በሙሉ በቀረው 92 ኪሎ ዋት ሰዓት ውስጥ መጠቃለል ነበረበት። የተከራዩ ቁጥር ደግሞ ልጆች በሩን የማይከፍቱበት፣ ትኩስ ምግብ የማይገባበት የመፈተሻ ክፍል ቁጥር ነው። እውነቱን ለማወቅ አንድ ሌሊትና ጥቂት የቀን ደቂቃዎች ይበቃሉ።

የሌሊቱ ልኬት እንዲህ ይከናወናል። ሁሉም ነዋሪ ተስማምቶ ከማታው 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከማቀዝቀዣው በስተቀር ማንኛውም ዕቃ ከሶኬት ይነቀላል። በርቀት መቆጣጠሪያ የጠፋ ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨር፣ ዋይፋይና የስልክ ቻርጀር ጭምር ይነቀላሉ፤ ቆጣሪው እነዚህንም ይቈጥራልና። በ4 ሰዓት የቆጣሪው ንባብ 1842.36፣ በ12 ሰዓት ደግሞ 1842.58 ቢሆን፣ ልዩነቱ 0.22 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ይህ ለ8 ሰዓት ሲካፈል ማቀዝቀዣው በሌሊት በአማካይ 27.5 ዋት እንደወሰደ ያሳያል።

ቀጥሎ የኮምፕረሰሩ ሥራና ዕረፍት በሰዓት ይለካል። ኮምፕረሰሩ ሲነሣ ድምፁ ይሰማል፤ እጅ በጎኑ ላይ ሲያርፍም ንዝረቱ ይታወቃል። በዚህ ማሳያ ሌሊት 9 ደቂቃ ሠርቶ 21 ደቂቃ ያርፋል። ይህም ከ30 ደቂቃ 9 ደቂቃ፣ ማለትም የሰዓቱን 30 በመቶ መሥራቱ ነው። አማካዩ 27.5 ዋት የመጣው በ30 በመቶ ሥራ ብቻ ስለሆነ፣ ኮምፕረሰሩ በሚሠራበት ቅጽበት የሚወስደው 27.5 ለ0.30 ሲካፈል የሚገኘው ወደ 92 ዋት የሚጠጋ ኃይል ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው 130 ዋት ከፍተኛው መጠን መሆኑ እዚህ ላይ ይረጋገጣል።

ቀን ላይ ሌላ ዕቃ ስለሚሠራ ቆጣሪውን ማንበብ አይጠቅምም፤ ኮምፕረሰሩን በሰዓት መከታተል ግን ይቻላል። እኩለ ቀን ላይ 12 ደቂቃ ሠርቶ 15 ደቂቃ ቢያርፍ፣ የሥራው ድርሻ ከ27 ደቂቃ 12 ደቂቃ፣ ማለትም 44 በመቶ ገደማ ነው። 92 ዋት በ0.44 ሲባዛ የቀኑ አማካይ ወደ 41 ዋት ይደርሳል። በ16 የቀንና የምሽት ሰዓታት ውስጥ ይህ 0.65 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። የሌሊቱ 0.22 ሲደመርበት የቀንና የሌሊቱ ድምር 0.87፣ የወሩ ደግሞ 26 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው።

ይህ ቁጥር ተከራዩ ከሰሌዳው ካነበቡት 22.5 በጥቂቱ ይበልጣል፤ አከራዩ ካሰሉት 93.6 ግን ከሲሶው በታች ነው። መጠኑን ለመገመት 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድን ማሰብ ይረዳል። ማቀዝቀዣው በወር የወሰደውን 26 ኪሎ ዋት ሰዓት እንዲህ ያለው ምጣድ ሰባት ሰዓት ተኩል በማይሞላ ሥራ ይጨርሰዋል።

ቆጣሪው ክፍልፋይ በማያሳይበት ጊዜ

አንዳንድ ቆጣሪዎች ሙሉ ቁጥር ብቻ ስለሚያሳዩ የአንድ ሌሊት ልዩነት አይታይባቸውም። በዚህ ጊዜ በቆጣሪው ፊት ላይ ብልጭ የምትለዋ ትንሽ ቀይ መብራት ታገለግላለች። አጠገቧ imp/kWh ከሚል ምልክት ጋር የተጻፈው ቁጥር ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ይናገራል። ሌላው ዕቃ ሁሉ ተነቅሎ፣ ኮምፕረሰሩ እየሠራ ሳለ፣ አሥር ብልጭታ የሚፈጀው ጊዜ በስልክ የሰዓት መለኪያ ይያዛል። አቈጣጠሩ የሚጀምረው ከአንዱ ብልጭታ ቀጥሎ ባለው ነው። ስሌቱም የሚከተለው ነው፦

```
ዋት = 3,600,000 × የብልጭታ ብዛት ÷ (imp/kWh × ሰከንድ)
```

በቆጣሪው ላይ 1600 imp/kWh ተጽፎ አሥሩ ብልጭታ 245 ሰከንድ ቢፈጅ፣ ውጤቱ 92 ዋት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ የኮምፕረሰሩን የሥራ ድርሻ በሌሊትና በቀን ለክቶ ማባዛት ቀደም ሲል እንደተገለጸው ነው።

የሥራና የዕረፍት ደቂቃ መለካት የማይሠራው ኢንቨርተር ኮምፕረሰር ባላቸው ማቀዝቀዣዎች ላይ ነው። እነዚህ ፍጥነታቸውን ከፍና ዝቅ እያደረጉ ለረጅም ጊዜ ይሠራሉ። ሳያርፉ መቆየታቸው የብልሽት ምልክት አይደለም፤ የሚስቡት ዋትም ከሰዓት ሰዓት ይለያያል። ለእነርሱ የሚሆነው መንገድ የቆጣሪውን ንባብ ለረዘመ ጊዜ ማነጻጸር ብቻ ነው። ነዋሪዎች ቤት የማይውሉበት አንድ ሙሉ ቀን ካለ ለዚህ ይመቻል። በረዶን በራሳቸው በሚያቀልጡ ማቀዝቀዣዎችም ማሞቂያቸው በልኬቱ ሌሊት ሊነሣ ስለሚችል፣ ሁለት ሌሊት ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይገባል።

ማቀዝቀዣው በስታብላይዘር በኩል የሚሠራ ከሆነ ስታብላይዘሩም የልኬቱ አካል ነው። ማቀዝቀዣው ባረፈበት ሰዓትም ስታብላይዘሩ ኃይል ይወስዳል። 8 ዋት ብቻ እንኳ ቢወስድ፣ ወሩን ሙሉ ስለማይጠፋ ወደ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋል።

ከኪሎ ዋት ሰዓት ወደ ብር

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በፍጆታ እርከን የተከፋፈለ ነው። አነስተኛ ፍጆታ ያላቸው ደንበኞች ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍሉት ዝቅተኛ ዋጋ ሲሆን፣ ፍጆታው ከፍ ባለ ቍጥር ዋጋውም ከፍ ይላል። በዚህ ምክንያት «አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ለሁሉም ቤት አንድ መልስ የለውም። መልሱ የሚገኘው ከራሱ ከቤቱ ደረሰኝ ነው።

ከደረሰኙ የሚወሰደው የኃይል ፍጆታ ክፍያ የሚለው መሥመር ነው። ወርኃዊ የአገልግሎት ክፍያ ማቀዝቀዣ ኖረም አልኖረም የሚከፈል በመሆኑ በማቀዝቀዣው ላይ አይጫንም። የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ያላቸው ደንበኞች ካርድ ሲሞሉ በሚሰጣቸው ደረሰኝ ላይ የከፈሉትን ብርና የተሞላላቸውን ኪሎ ዋት ሰዓት ጎን ለጎን ያገኛሉ።

በማሳያው ግቢ፣ ለስሌቱ እንዲመች ብቻ፣ ለ186 ኪሎ ዋት ሰዓት የኃይል ክፍያው 522 ብር ነበር እንበል። 522 ለ186 ሲካፈል አማካዩ ዋጋ 2 ብር ከ81 ሳንቲም ይሆናል። በዚህ ዋጋ የማቀዝቀዣው 26 ኪሎ ዋት ሰዓት 73 ብር ነው።

ነገር ግን ማቀዝቀዣው ባይኖር ግቢው ምን ያህል ይቀንስ እንደነበር ለማወቅ ሌላ ስሌት ያስፈልጋል። ለዚህ በአንድ የታሪፍ ወቅት ውስጥ ያሉ የሁለት ወራት ደረሰኞች ይነጻጸራሉ። ባለፈው ወር ፍጆታው 176 ሆኖ ክፍያው 487 ብር ከነበረ፣ የ10 ኪሎ ዋት ሰዓት ጭማሪ 35 ብር አስከትሏል፤ ይህም ለአንዱ 3 ብር ከ50 ሳንቲም ማለት ነው። በዚህ ዋጋ የማቀዝቀዣው ድርሻ 91 ብር ይሆናል። ሁለቱ ደረሰኞች ታሪፉ በተስተካከለበት ወር ግራና ቀኝ ካሉ ግን ንጽጽሩ አይሠራም፤ ልዩነቱ ከፍጆታ ይሁን ከታሪፍ አይለይምና።

73ቱም ሆነ 91ዱ ብር ልክ ነው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። ክፍያውን ሁሉም እንደየፍጆታው እኩል ዋጋ ከፍሎ ለመከፋፈል ለተስማማ ግቢ የመጀመሪያው ተገቢ ነው። ማቀዝቀዣው ለብቻው በክፍያው ላይ ያስከተለውን ጭማሪ ለማወቅ ደግሞ ሁለተኛው ይወሰዳል። በአከራዩ የመጀመሪያ ስሌት ግን 93.6 ኪሎ ዋት ሰዓት በ3 ብር ከ50 ሳንቲም ተባዝቶ ተከራዩ 328 ብር ገደማ ሊጠየቁ ነበር።

የግቢው ጠቅላላ ፍጆታ ከአንድ እርከን ወሰን አጠገብ ከሆነ ጥንቃቄ ያሻል። 26 ኪሎ ዋት ሰዓት አንድን ቤት ከዝቅተኛው እርከን አውጥቶ ወደሚቀጥለው ሊያሻግር ይችላል። በዚህ ጊዜ በወቅቱ ከሥራ ላይ ባለው የታሪፍ ሠንጠረዥ ክፍያውን ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ከማቀዝቀዣው ጋር፣ አንዴም ያለ እርሱ አስልቶ ልዩነቱን መውሰድ አስተማማኙ መንገድ ነው።

የትኛው ልማድ ምን ያህል ያስከፍላል?

ከማቀዝቀዣ ወጪ ጋር በተያያዘ ብዙ ጊዜ ወቀሳ የሚደርስባቸው በሩን ደጋግመው የሚከፍቱ ልጆች ናቸው። በስሌት ሲታይ ግን የአንድ ጊዜ መክፈት ጉዳት ትንሽ ነው። በ200 ሊትር ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው አየር ክብደቱ ሩብ ኪሎ ግራም እንኳ አይሞላም። ቅዝቃዜውን ይዞ የሚቆየው አየሩ ሳይሆን ምግቡና ውኃው ነው። በሩ በቀን 40 ጊዜ ቢከፈትና ወዲያው ቢዘጋ በወር ከሁለት ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ አያስጨምርም።

ትኩስ ምግብም በተመሳሳይ ሊለካ ይችላል። ሁለት ሊትር ወጥ በ60 ዲግሪ ሙቀት ከሚገባ በክፍሉ ሙቀት እስኪበርድ ተጠብቆ ቢገባ፣ በአንድ ጊዜ 0.06 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይተርፋል። ነገሩ በየቀኑ የሚደጋገም ከሆነ በወር ወደ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በማሳያው ዋጋ 7 ብር ገደማ ነው። ለበዓል የመጣ አሥር ኪሎ የቅርጫ ሥጋ ፍሪዘር ውስጥ ገብቶ እስኪረጋ ድረስ እንኳ የሚወስደው ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ብዙም አይርቅም። እነዚህ በአንድ ጊዜ የሚያልፉ ጫናዎች ናቸው።

ከባዱ ወጪ የሚመጣው ሌሊትና ቀን ከማይቋረጡ ምክንያቶች ነው። ከእነዚህ አንደኛው የቦታው ሙቀት ነው። የማቀዝቀዣ ሥራ በዋናነት የሚወሰነው በውጭውና በውስጡ ሙቀት ልዩነት ነው። ውስጡ 4 ዲግሪ ሆኖ ወጥ ቤቱ 20 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 16 ነው። ወጥ ቤቱ 35 ዲግሪ በሚደርስበት እንደ ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ባለ ቦታ ልዩነቱ 31 ይሆናል፤ በማቀዝቀዣው ክፍል ላይ የሚመጣው ጫናም ወደ እጥፍ ይጠጋል። አዲስ አበባ ውስጥም ከምድጃ አጠገብ ወይም የከሰዓት ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ ሥር የቆመ ማቀዝቀዣ ራሱን ቆላ አውርዶ እንደመኖር ነው። በሰሌዳው ላይ ያለው የአየር ንብረት ምድብም የሚነበበው ለዚህ ነው። N የተጻፈበት እስከ 32፣ ST እስከ 38፣ T ደግሞ እስከ 43 ዲግሪ በሚደርስ ክፍል እንዲሠራ የታሰበ ነው።

የቴርሞስታቱ ቁልፍ ሌላው ነው። በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ውስጡን ከ4 ወደ 3 ዲግሪ ማውረድ የሙቀት ልዩነቱን ከ16 ወደ 17 ስለሚያሳድገው ጫናውን 6 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዙሮ መተው ምግቡን ከሚገባው በላይ እያቀዘቀዙ በየሰዓቱ መክፈል ነው።

ለመቆጠብ ሲባል ማቀዝቀዣን ሌሊት የመንቀል ልማድም አለ። በማሳያው የሌሊቱ ፍጆታ 0.22 ስለሆነ፣ በወር ሊተርፍ የሚችለው ቢበዛ 6.6 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ 23 ብር ገደማ ነው። ይህም ሁሉ አይተርፍም፤ ጠዋት ሲሰካ ኮምፕረሰሩ በሌሊት የገባውን ሙቀት ለማውጣት ሳያርፍ ይሠራልና። በተረፈው ጥቂት ብር ምትክ ወተትና ሥጋ በየሌሊቱ ከሚፈቀደው በላይ ይሞቃሉ። አንድ ሊትር የተበላሸ ወተት የወሩን ቁጠባ ይበላዋል።

ብልሽትን ከታሪፍ ለውጥ መለየት

ተመሳሳዩ ልኬት ብልሽትን ለማወቅም ያገለግላል። በማሳያው ያለው ማቀዝቀዣ ኮምፕረሰሩ ፈጽሞ የማያርፍ ቢሆን፣ 92 ዋት በ24 ሰዓትና በ30 ቀን ተባዝቶ 66 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህም በማሳያው ዋጋ ከ91 ብር ወደ 231 ብር መዝለል ነው። እንዲህ ያለ ጭማሪ ሲመጣ ብዙዎች ወደ ታሪፉ ይጠቁማሉ። የቆጣሪው ንባብ ግን ይለየዋል፦ ታሪፍ ሲለወጥ ብሩ ይጨምራል፤ የኪሎ ዋት ሰዓቱ ቁጥር አይነቃነቅም። ኪሎ ዋት ሰዓቱ ራሱ ካደገ ምክንያቱ የሚፈለገው ከቤቱ ውስጥ ነው።

ኢንቨርተር ያልሆነ ማቀዝቀዣ፣ በሩ በማይከፈትበት ቀዝቃዛ ሌሊት፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳያቋርጥ መሥራቱን ከደጋገመ ሦስት ነገሮች ይፈተሻሉ። የመጀመሪያው የበሩ ጎማ ነው። አንድ ወረቀት በበሩና በጎማው መካከል ተደርጎ በሩ ይዘጋል፤ ወረቀቱ ሲሳብ ያለ ችግር የሚወጣ ከሆነ በዚያ በኩል አየር ይገባል። ጎማውን በለብታ ውኃና ሳሙና ማጠብ አንዳንዴ ይበቃል፤ የደረቀና የተሰነጠቀ ከሆነ ይለወጣል። ሁለተኛው በፍሪዘሩ ግድግዳ ላይ የተጋገረ በረዶ ነው። ውፍረቱ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ ቅዝቃዜው ወደ ምግቡ እንዳይደርስ ይከልላል፤ ዕቃው ተነቅሎ እስኪቀልጥ ይጠበቃል እንጂ በቢላ አይፋቅም፤ የጋዙን ቧንቧ ሊበሳ ይችላልና። ሦስተኛው ከጀርባው ያለው የሽቦ መረብ ነው። አቧራ የለበሰ ወይም ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ ከሆነ ሙቀቱን ማውጣት ያቅተዋል። ከግድግዳው ቢያንስ አንድ መዳፍ ያህል ማራቅና ተነቅሎ ሳለ አቧራውን ማንሣት ይገባል።

እነዚህ ሁሉ ተስተካክለው ኮምፕረሰሩ አሁንም ካላረፈና ውስጡ እንደቀድሞው ካልቀዘቀዘ፣ ጋዙ መቀነሱን ወይም የኮምፕረሰሩን መዳከም ባለሙያ ሊያየው ይገባል። ከጥገናው በኋላ የሌሊቱ ልኬት ሲደገም፣ የተከፈለበት ጥገና ውጤት ማምጣቱ ከቁጥሩ ይታያል።

በደረሰኙ ላይ የተጻፈው ንባብ በቆጣሪው ላይ ከሚታየው ጋር የማይስማማ ሆኖ ሲገኝ ጉዳዩ የማቀዝቀዣው አይደለም። ደንበኛው የቆጣሪውን ንባብ ከነቀኑ መዝግቦ፣ የሚቻል ከሆነም ፎቶ አንሥቶ፣ ደረሰኙን በመያዝ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የደንበኞች አገልግሎት ማዕከል ማመልከት ወይም በ905 ነፃ የስልክ መሥመር ማሳወቅ ይችላል።

በማሳያው ግቢ አከራዩና ተከራዩ የሚያስፈልጋቸው ስምምነት በብር ሳይሆን በ26 ኪሎ ዋት ሰዓት ላይ የተመሠረተ ነው። ይህ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ከተቀመጠ፣ በየሦስት ወሩ ታሪፉ ሲስተካከል በአዲሱ ደረሰኝ ዋጋ ማባዛት ብቻ ይበቃል። ልኬቱ ራሱ የሚደገመው ዕቃው ቦታ ሲቀይር፣ የቤተሰቡ ቁጥር ሲለወጥ ወይም ኮምፕረሰሩ ከወትሮው በላይ መጮህ ሲጀምር ነው።